አንደኛውና አራተኛው ፊደል ብቻ ሲታወቁ፦ መስቀለኛ ቃላትን የመሙላት ዘዴ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲበረታ ሻይ ቤት ገብቶ ጋዜጣ መዘርጋት ደስ ይላል። ዜናው ካለቀ በኋላ እርሳሱ ወደ መስቀለኛ ቃላቱ ይዞራል። ቀላሎቹ ቶሎ ይሞላሉ። ከዚያ አንድ ረድፍ እንቢ ይላል። ከላይ ወደ ታች የሞላናቸው ቃላት አንደኛውንና አራተኛውን ሳጥን ሰጥተውናል፤ መሀል ያሉት ሁለቱ ባዶ ናቸው። ፍንጩም ብዙ መልስ የሚቀበል ዓይነት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያው ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን አንድ በአንድ መጥራት ይጀምራል። ይህ መንገድ ረጅም ነው። እኔ የምመርጠው ከአራተኛው ፊደል መነሳት ነው። አማርኛ እንዲህ እንድናደርግ ይፈቅድልናል፤ አንድ ሳጥን የሚይዘው አንድ ሙሉ ፊደል ስለሆነ ከአናባቢው ጋር ይመጣል። «ገ»፣ «ጊ» እና «ግ» አንድ ተነባቢ ቢኖራቸውም ስለ ቃሉ የሚናገሩት ለየቅል ነው። ስለዚህ አራተኛው ሳጥን ላይ «ጊ» ካለ ሁለት ነገር አገኘን ማለት ነው፦ የቃሉ ሥር ላይ «ግ» ሊኖር እንደሚችል፣ ደግሞም ቃሉ በምን ዓይነት እርባታ እንደቆመ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሁለቱ ፊደላት ምን ያህል እርግጠኛ ናቸው?

ፊደሉ የተገኘው ከሚያቋርጠው ቃል መጀመሪያ ወይም መሀል ከሆነ ጠንካራ ነው። ከቃሉ መጨረሻ ከሆነ ግን ይጠራጠሩ። የአማርኛ ግሥ ማን እንዳደረገው የሚናገረው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነውና። ፍንጩ «ዘገየ» ቢል «ቆየ» ብለን እንሞላለን፤ «ዘገዩ» ቢል «ቆዩ»። ፍንጩን በችኮላ ያነበበ ሰው «የ»ን በ«ዩ» ቦታ ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ጎን ያለው ቃል ይበላሽበታል፤ ጥፋቱን የሚፈልገው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። እነዚህ ከተገኙ ድምፁን ይያዙ፣ ቅርጹን ግን አያጥብቁት። የራሳችን ከተማ ስም እንኳ «ብርሃን»ም «ብርሀን»ም ተብሎ ይጻፋል። ሳጥኑ ላይ «ሃ» ስላለ ብቻ «ሀ» ያለበትን ቃል አይጣሉ።

ሁለቱን ፊደላት በእርሳስ ከዳር ጻፉና ባዶዎቹን በሰረዝ አመልክቱ። አሁን ወደ ሥራው።

አንድ ረድፍ ከነሙሉ አፈታቱ

ወደ ጎን ያለው ጥያቄ «ከጠላት የሚሰወሩበት ስፍራ» ይላል እንበል። አምስት ሳጥን አለው። የመጀመሪያው ሳጥን «መ» ሆኗል፤ ወደ ታች የሚወርደው ጥያቄ «ጓሳ የሚገኝበት የሰሜን ሸዋ አካባቢ» ስለሆነ «መንዝ» ብለን ሞልተናል። አራተኛው ሳጥን «ጊ» ሆኗል፤ ወደ ታች የሚወርደው «ገና ያልወለደች ላም» ስለሚል «ጊደር» ነው። ሁለቱም ፊደላት የመጡት ከቃላቸው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ጠንካሮች ናቸው። ረድፉ ይህን ይመስላል፦

መ – – ጊ –

መጀመሪያ የሳጥኑን ቁጥርና የአራተኛውን ፊደል ቅርጽ አንድ ላይ እንይ። ቃሉ በ«መ» ይጀምራል፣ አምስት ሳጥን ነው፣ አራተኛው ፊደል ሣልስ ነው። አማርኛ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የሚመጣው በብዛት የመሣሪያ ወይም የቦታ ስም ነው፦ መጥረጊያ፣ መታጠቢያ፣ መጋገሪያ፣ መፈለጊያ። ሁሉም በ«ያ» ያልቃሉ። ስለዚህ አምስተኛው ሳጥን ላይ «ያ»ን በቀላሉ፣ እርሳሱን ሳይጫኑ፣ መጻፍ ይቻላል። ፍንጩም «ስፍራ» ስለሚል ከዚህ ጋር ይስማማል።

ይህች እርምጃ ብዙ ታሳጥራለች። አሁን የምንፈልገው ቃል አይደለም፤ ግሥ ነው። መጨረሻው «ግ» የሆነ፣ መሰወርን የሚናገር ግሥ።

ሁለተኛ፣ ፍንጩን ወደ ግሥ እንለውጥና ተመሳሳዮቹን ከዳር እንደርድር። ተደበቀ፣ ተሰወረ፣ ተሸሸገ፣ ተጠለለ፣ ተጠጋ። ከየአንዳንዱ የቦታ ስም እናውጣ፦ መደበቂያ፣ መሰወሪያ፣ መሸሸጊያ፣ መጠለያ፣ መጠጊያ። ትርጉማቸው በጣም ይቀራረባል። ፍንጩ ብቻውን አይለያቸውም። ሳጥኖቹ ግን ይለዩዋቸዋል። መጠለያና መጠጊያ አራት አራት ፊደል ብቻ ስላላቸው ይወድቃሉ። መደበቂያ፣ መሰወሪያና መሸሸጊያ አምስት አምስት ናቸው፤ ሦስቱም በ«መ» ጀምረው በ«ያ» ያልቃሉ። የሚለያዩት አራተኛው ሳጥን ላይ ነው፦ ቂ፣ ሪ፣ ጊ። የእኛ «ጊ» ነው። መልሱ «መሸሸጊያ» ሆነ።

ሦስተኛው እርምጃ ማረጋገጥ ነው፤ ይህን አይዝለሉት። «መሸሸጊያ» ትክክል ከሆነ ሦስተኛው ሳጥን «ሸ»፣ አምስተኛው «ያ» መሆን አለባቸው። በሦስተኛው ሳጥን ላይ የሚያርፈው ከላይ የሚወርድ ቃል ሦስት ሳጥን አለው፤ ፍንጩም «እስከ ምሽት ቆየ» ይላል። «አመሸ» ልክ ይገባል፣ መጨረሻውም «ሸ» ነው። ፍንጩ «ቆየ» እንጂ «ቆዩ» ስላላለ «አመሹ» አይሆንም። በአምስተኛው ሳጥን ላይ የሚያርፈው ደግሞ «ከገምዛ ጋር አብሮ የሚጠራ የሰሜን ሸዋ ወረዳ» ነው፤ «አንጾኪያ»። መጨረሻው «ያ»። «አንጾኪያ»ን በ«ጾ» ይጻፉት በ«ፆ»፣ እኛን የሚነካን የመጨረሻው ፊደል ስለሆነ ለውጥ የለውም። ሁለት ማረጋገጫ ከሁለት አቅጣጫ ስለመጣ አሁን እርሳሱን መጫን ይቻላል።

ተሸሸገ የሚለው ግሥ ባይመጣልዎትስ? ያን ጊዜ ከሥሩ በኩል ይሂዱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳጥን ብዙውን ጊዜ የግሡን የመጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎች ይይዛሉ። ቅርጻቸውም ልቅ አይደለም። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ግዕዝ ነው። ሁለተኛው ወይ ሳድስ ነው እንደ መጥረጊያ፣ ወይ ግዕዝ ነው እንደ መፈለጊያ፣ ወይ ራብዕ ነው እንደ መጋገሪያ። «ላ»ን «ቡ»ን «ኖ»ን ሁሉ ከመሞከር ያድናል። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «መ… ከዚያ አንድ ተነባቢ… ከዚያ አንድ ተነባቢ… ጊያ» እያሉ ይጥሩት። ጆሮ ከዓይን ቀድሞ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ነው። አንድ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ መምህር ሻይ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲያንሾካሹኩ አጠገባቸው ያለው ሰው «ምን አሉኝ፣ ጋሼ?» ይላቸዋል። «አንተን አይደለም ልጄ፣ ግሡን ነው የምጠራው» ይሉታል።

ይህ መንገድ የሚስተው መቼ ነው?

«መ» ሁሉ የቦታ ወይም የመሣሪያ ስም አያመጣም። ተመሳሳይ ሳጥን ይዞ መ – – ሪ – ቢመጣ «መሰወሪያ» ሊሆን ይችላል፤ «መንደሪን»ም ሊሆን ይችላል። መ – – ዲ – ሲመጣም «መሐንዲስ» አለ። ሁለቱም በ«ያ» አያልቁም። የሚለያቸው ፍንጩ ነው። ፍንጩ ስለሚደረግበት ቦታ ወይም ስለሚሠራበት ዕቃ የሚናገር ከሆነ «ያ»ን ይመኑ። ስለ ፍሬ፣ ስለ ሰው ሙያ ወይም ስለ ስም የሚናገር ከሆነ «ያ»ን ገና አይጻፉ።

የሳጥን ቁጥርም ነገሩን ይለውጠዋል። አራት ሳጥን ብቻ ኖሮ መ – – ሪ ከሆነ ቃሉ ቦታ አይደለም፤ አድራጊ ነው። መርማሪ፣ መስካሪ። እዚህ ላይ «መ» የግሡ የራሱ ፊደል ነው፤ መረመረ፣ መሰከረ። ሦስተኛው ሳጥንም ራብዕ ይሆናል፦ «ማ»፣ «ካ»። ስለዚህ «ሪ»ን ሲያዩ መጀመሪያ ከኋላው ሌላ ሳጥን መኖሩን ያረጋግጡ። አንድ ሳጥን ሲጨመር «የሚያደርግ» የነበረው «የሚደረግበት» ይሆናል።

አራት ሳጥን ሆኖ የመጨረሻው ቻ፣ ጫ፣ ጃ፣ ሻ፣ ኛ ወይም ያ ከሆነ ደግሞ የቦታና የመሣሪያ ስም ተመልሶ መጣ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ግሡን በተሳሳተ ተነባቢ ይፈልጋል። መ – – ቻ ሲያይ በ«ች» የሚያልቅ ግሥ ይፈልጋል፤ አያገኝም። «ቻ» የመጣው ከ«ት» ነውና፦ ከፈተ፣ መክፈቻ። «ጫ» ከ«ጥ» ይመጣል፦ ቆረጠ፣ መቁረጫ። «ጃ» ከ«ድ»፦ ወረደ፣ መውረጃ። «ሻ» ከ«ስ»፦ መለሰ፣ መመለሻ። «ኛ» ከ«ን»፦ መዘነ፣ መመዘኛ። «ያ» ከ«ል»፦ ሰቀለ፣ መስቀያ። ስለዚህ አራተኛው ፊደል ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ወደ ኋላ ይመልሱትና የግሡን ትክክለኛ መጨረሻ ይዘው ይፈልጉ።

«ያ» ብቻ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መ – – ያ ከ«ል» ግሥ ሊመጣ ይችላል፣ እንደ መስቀያ። አጭር ከሆነ ግሥም ይመጣል፣ እንደ መግቢያ፤ ገባ ከሚለው። በሁለተኛው ጊዜ ሦስተኛው ሳጥን ሣልስ ይሆናል። ስለዚህ ሦስተኛውን ሳጥን የሚያቋርጠውን ቃል ፈልጎ ማግኘት ከሁሉ ይቀድማል።

የመጀመሪያው ፊደል «መ» ሳይሆን «ማ» ከሆነ ግሡ በ«አ» የሚጀምር ነው ብለው ይነሱ። አረፈ ማረፊያን ሰጠ፤ አበሰለ ማብሰያን ሰጠ።

በ«ተ» የሚጀምር ሲሆን

«ተ» ሲመጣ አራተኛው ፊደል የበለጠ ይናገራል። አራት ሳጥን ይውሰዱ፣ የመጨረሻው የ«ረ» ቤተሰብ ይሁን። ተ – – ረ ከሆነ ያለፈ ድርጊት ነው፣ አድራጊውም «እሱ»፤ ተቸገረ፣ ተጀመረ። «ሩ» ከሆነ ብዙዎች ወይም አንቱታ ነው፤ ተቸገሩ። «ሪ» ከሆነ አድራጊ ሰው ነው፤ ተናጋሪ። «ር» ከሆነ ስም የመሆን ዕድሉ ይበዛል፤ ተግባር፣ ተአምር። «ሮ» ከሆነ «ተፈጥሮ»ን የመሰለ ስም ወይም «ተነግሮ»ን የመሰለ ሰንጠረዥ ላይ ብዙም የማይወጣ ግሥ ነው።

ፍንጩ ያለፈ ድርጊትን የሚናገር ግሥ ሆኖ ሳለ አራተኛው ሳጥን ላይ «ር» ካለ ሁለቱ አይስማሙም። ፍንጩ «ሥራ፣ ክንውን» እያለ አራተኛው ላይ «ረ» ካለም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን ቃል መፈለግዎን ያቁሙና የሚያቋርጠውን ቃል እንደገና ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

የቦታ ስሞች፣ በተለይ የኛ አካባቢ

የቦታ ስም በእርባታ አይያዝም። አራተኛው ፊደል ግን እዚህም መለያ ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም። ብዙ ስሞች መጀመሪያቸው ይመሳሰላል።

ሰሜን ሸዋን ብቻ እንይ። «የሰሜን ሸዋ ስፍራ፣ አምስት ፊደል» የሚል ፍንጭ መጥቶ የመጀመሪያው ሳጥን «አ» ቢሆን አንኮበር፣ አንጎለላና አንጾኪያ ሦስቱም ይገባሉ። ሁለተኛው ፊደላቸው እንኳ አንድ ነው፤ «ን»። እሱን ማወቅ ምንም አይጠቅምም። አራተኛውን ማወቅ ግን ነገሩን ይጨርሰዋል፦ «በ» ከሆነ አንኮበር፣ «ለ» ከሆነ አንጎለላ፣ «ኪ» ከሆነ አንጾኪያ። ፍንጩ «ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱበት» ካለ ደግሞ «ለ»ን ይጠብቁ፤ አንጎለላ ነው። «የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረ» ካለ «በ»ን ይጠብቁ።

«ደ» ሲመጣ «ደብረ»ን ይጠርጥሩ። ሰንጠረዡ በቃላት መሀል ባዶ ሳጥን ስለማይተው ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ይጻፋሉ። «ደብረ» ሦስት ፊደል ነው። ስለዚህ አራተኛው ሳጥን የሁለተኛው ቃል መጀመሪያ ነው። አምስት ሳጥን ሆኖ አራተኛው «ሲ» ከሆነ ደብረ ሲና። ሰባት ሳጥን ሆኖ «ብ» ከሆነ ደብረ ብርሃን፤ «ማ» ከሆነ ደብረ ማርቆስ። የሁለቱ ቁጥር እኩል ስለሆነ ያለ አራተኛው ፊደል አይለዩም።

ይህ ለሌሎች ድርብ ቃላትም ይሠራል። ምልክቱ ይኸው፦ አራተኛው ፊደል እርባታ ላይ ያልተለመደ ቅርጽ ይዞ ሲመጣ መልሱ ሁለት ቃል መሆኑን ይጠርጥሩ። መ – – ሜ – ቢመጣ በ«ሜ» የሚያልፍ የመሣሪያ ስም አይገኝም። «ሜ»ን እንደ ሁለተኛ ቃል መጀመሪያ ብንወስደው ግን «መሀል ሜዳ» ይወጣል፤ መንዝ ውስጥ ያለችው ከተማ። ክፍፍሉ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ሳጥን በኋላ ላይሆን ይችላል። «በጓሳ የሚታይ ብርቅዬ አውሬ» ተብሎ ቀ – – በ – ቢመጣ የመጀመሪያው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ «ቀይ ቀበሮ»። እዚህ ላይ «በ» ያረፈው የሁለተኛው ቃል መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ከሦስት በኋላ ከፍለው ካልሆነ ከሁለት በኋላ ከፍለው ይሞክሩ።

ሁለት ቃል ሲቀርና አንድም ሳይቀር

ሁለት ቃላት ከሁሉም ፈተና ተርፈው ከቀሩ አይምረጡ። ከዳር ጽፈው ያኑሯቸው። ከዚያ የሚለያዩበትን ሳጥን ይፈልጉ። በመጥረጊያና በመፈለጊያ መካከል ከሆኑ ሁለተኛው ሳጥን «ጥ» ወይም «ፈ» ነው፤ ሦስተኛው «ረ» ወይም «ለ»። የሁለቱን ሳጥኖች አቋራጭ ፍንጭ ያንብቡና ቀለል የሚለውን ይሙሉ። አንዱ ብቻ ይበቃል።

አንድም ቃል ካልቀረ አራተኛውን ፊደል በዚህ ቅደም ተከተል ይጠራጠሩ። መጀመሪያ ሞክሼው፦ «ሰ»ን በ«ሠ»፣ «ጸ»ን በ«ፀ» ይለውጡና ያንብቡ። ቀጥሎ ቅርጹ፦ ፊደሉ ከሚያቋርጠው ቃል መጨረሻ የመጣ ከሆነ ግዕዙን በካዕብ ወይም በሳድስ ይተኩና እንደገና ይሞክሩ። በመጨረሻ ተነባቢው፦ የሚያቋርጠው ቃል ራሱ ተመሳሳይ ያለው ከሆነ ሌላውን ያስገቡ። ወደ አንደኛው ፊደል የሚሄዱት ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የቃል መጀመሪያ ከቃል መጀመሪያ ጋር የሚገናኝበት ሳጥን ስለሆነ እምብዛም አይሳሳትምና።

የሞክሼው ጥርጣሬ በየሳምንቱ የሚመጣብዎት ከሆነ ያለፈው እትም መልስ ሲታተም ቆርጠው ያስቀምጡ። ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀው ሰው «ፀሐይ» ይጽፋል ወይስ «ጸሀይ»? «ዓለም» ወይስ «አለም»? አብዛኛውን ጊዜ ልማዱን አይቀይርም። ልማዱን ካወቁ «ዓለም ከተማ»ን ሲሞሉ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ «ዓ» ይሁን «አ» አስቀድመው ይወስናሉ፤ በዚያ ሳጥን የሚያልፈውን ቃልም አያበላሹም።